«እምቢ» ካለች በኋላ የሚመጣው

ሴትየዋ በ1984 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ አገቡ፤ አራት ልጆችም ወለዱ። በ2012 ፍቺ ሲጠይቁ ከባላቸው ጋር መተኛት ካቆሙ ዓመታት አልፈው ነበር፤ ጤናቸው እንደተጓደለና የባላቸው ቁጣና ኃይል እንዳስጨነቃቸው ለፍርድ ቤት ተናገሩ። የቬርሳይ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2019 ፍቺውን ፈቀደ፤ ጥፋቱን ግን ሙሉ በሙሉ በእሳቸው ላይ ጣለ፤ ምክንያቱም የጋብቻ ግዴታቸውን አልተወጡም። የፈረንሳይ ሰበር ችሎትም በሚቀጥለው ዓመት አቤቱታቸውን ውድቅ አደረገ። በዚያን ጊዜ ሴትየዋ ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል።

ጉዳዩ ስትራስቡርግ ወዳለው የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ደረሰና ዳኞቹ ጃንዋሪ 23 ቀን 2025 በሙሉ ድምፅ ለሴትየዋ ፈረዱ። አንድ ሰው ለማግባት መስማማቱ ወደፊት ለሚመጣው ግንኙነት ሁሉ አስቀድሞ እሺ እንዳለ አያስቆጥረውም ሲሉ ወሰኑ።

ይህ ክርክር ለኢትዮጵያ ባዕድ አይደለም። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም በአንቀጽ 53 ባልና ሚስት አብረው የመኖር፣ ለጤናቸው ከባድ ጉዳት የሚያመጣ ካልሆነ በቀር ደግሞ እንደ ባልና ሚስት ግንኙነት የማድረግ ግዴታ እንዳለባቸው ይናገራል። አንቀጹን ያላነበበ ሰው እንኳ ሐሳቡን በሠርግ ምክር ላይ ሰምቶታል፤ ሙሽራዋ ባሏን «እንዳትከለክይው» ትባላለች። ታዲያ ከአሥርና ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ አንዲት ሚስት መኝታ ቤቷ ውስጥ የሚደርስባት ነገር ትክክል እንዳልሆነ ቢሰማትም ስም ልታወጣለት ትቸገራለች። ማንም አልመታትም፤ በኃይል የያዛትም የለም። ብዙውን ጊዜ «እሺ» ያለችውም ራሷ ናት።

የዚያን «እሺ» ምንነት ለማወቅ «እምቢ» ስትል ምን እንደሚከተል መመልከት ያስፈልጋል። የሚቀጥለው ታሪክ የአንዲት ሴት የሕይወት ታሪክ ሳይሆን ነገሩን ደረጃ በደረጃ ለማሳየት የተሰናዳ ምሳሌ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሒሳብ ሠራተኛና አንዲት አስተማሪ በትዳር አሥራ አምስት ዓመት ቆይተዋል። ባልየው በሰፈሩ የተከበረ፣ እድሩ ላይ የሚታመን፣ እጁን በሚስቱ ላይ አንሥቶ የማያውቅ ሰው ነው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት መልካም ነበሩ። ሁለተኛዋ ልጅ ስትወለድ፣ እናትየው ገና አራስ ቤት ሳለች፣ ባልየው ጥያቄ አነሣ። ቁስሏ አልዳነም፤ በሃይማኖቷ ሥርዓትም ሰማንያው ቀን አልሞላም። እምቢ አለችው። እሱም አልጮኸም፤ አኮረፈ። ለሦስት ቀን አላናገራትም፤ የቀረበለትን ምግብ ትቶ ወጣ፤ የሳምንቱን የአስቤዛ ገንዘብም ሳይሰጣት ቀረ። በአራተኛው ቀን ማታ ሴትየዋ ለልጆቿ የሚበላ ስላልነበራት «እሺ» አለች። በማግሥቱ ገንዘቡ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ አገኘችው፤ ባሏም እየሳቀ ቁርስ በላ።

ትምህርቱ በዚያች ሌሊት ተጀመረ፤ ማንም ሰው ቃል ሳያወጣ እምቢታ ዋጋ እንዳለው ሁለቱም ተረዱ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ዋጋው ዓይነቱን ለወጠ። አንዳንድ ጊዜ መብራቱን አብርቶ እስከ ሌሊት ስምንት ሰዓት ድረስ «ምን አጎደልኩብሽ?» እያለ ይጠይቃታል፤ እሷ ግን ማለዳ አንድ ሰዓት ላይ ክፍል መግባት አለባት። ሌላ ጊዜ «ሌላ ሰው ይዘሻል ማለት ነው» ብሎ ስልኳን ይፈትሻል። «ውጪ ሄጄ በሽታ ባመጣ ጥፋቱ ያንቺ ነው» ያለባት ቀንም አለ። ሴትየዋ ከጊዜ በኋላ አንድ ዘዴ ለመደች፤ እሑድ እኅቷን ለመጠየቅ ስታስብ ቅዳሜ ማታ ሳይጠይቃት ራሷ ትቀርበዋለች። እንዲህ ካደረገች እሑድ ሰላም ይሆናል። ባልየው ይህን አይቶ ሚስቱ ወደ እሱ እንደተመለሰች ያስባል። እሷ ግን እኅቷን የምታይበትን ፈቃድ በሰውነቷ እየከፈለች ነው።

በድጋፍ ሥራ ላይ የተሰማሩ ባለሙያዎች ትኩረታቸውን የሚያሳርፉት እዚህ ነጥብ ላይ ነው። አንዲት ሴት «ፈልጌ ነበር?» ብላ ራሷን ስትጠይቅ መልሱ ይምታታባታል፤ ከረጅም ጊዜ በኋላ ፍላጎትና ፍርሃት ተቀላቅለዋልና። «እምቢ ብል ኖሮ ነገ ምን ይጠብቀኝ ነበር?» ብላ ስትጠይቅ ግን መልሱ ቶሎ ይመጣል፤ ኩርፊያው ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ የትኛው ልጅ እንደሚቆጣ፣ የቱ ወጪ እንደሚቀር አንድ በአንድ ታውቀዋለች።

የዓለም ጤና ድርጅት በብዙ አገሮች አካሂዶ በ2005 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረገው ጥናት ውስጥ ይህንኑ ጥያቄ በራሱ መንገድ አንሥቶት ነበር። ሴቶቹ የተጠየቁት በኃይል ስለመገደዳቸው ብቻ አልነበረም፤ ባላቸው ምን ያደርግ ይሆን ብለው በመፍራት ሳይፈልጉ ግንኙነት አድርገው እንደሆነም ተጠይቀዋል። ጥናቱ ኢትዮጵያ ውስጥ የተካሄደው በቡታጅራ አካባቢ በሚገኙ የገጠር ቀበሌዎች ሲሆን፣ በትዳር ወይም በመሰል ግንኙነት ውስጥ ካለፉት ሴቶች 59 በመቶዎቹ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ እንኳ በባላቸው ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። በዚያው አካባቢ የድብደባው መጠን 49 በመቶ ነበር። ከመኝታ ቤት የሚወጣው ችግር ከዱላው በልጦ መገኘቱ ለአገራችን አንባቢ ብዙ ይናገራል፤ በዱላ የመጣን ችግር ሽማግሌ ያየዋል፣ ጎረቤት ይሰማዋል፣ ይህኛውን ግን ከሁለቱ በቀር የሚያውቀው የለም።

እዚህ ላይ ግልጽ መሆን ያለበት ነገር አለ። በረጅም ትዳር ውስጥ የሁለት ሰዎች ፍላጎት እኩል ሆኖ አይዘልቅም፤ አንዱ ሲደክመው ሌላው ይፈልጋል፣ የፈለገውም ይከፋዋል። መከፋት ማስገደድ አይደለም። «ናፍቀሽኛል፤ ከእኔ እየራቅሽ እንደሆነ ይሰማኛል» ብሎ የሚናገር፣ መልሱን ሰምቶ የሚተኛና ጠዋት እንደ ወትሮው ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርስ ባል ስሜቱን ገለጸ እንጂ ማንንም አልቀጣም። ማስገደድ የሚባለው እምቢታን ተከትሎ ቅጣት ሲመጣ፣ ቅጣቱም እየተደጋገመ ሲሄድና ሌላኛው ወገን ኑሮውን ያን ቅጣት ለማምለጥ ብሎ ሲያደራጅ ነው። የእንግሊዝና የዌልስ ሕግ ይህን መስመር በጽሑፍ ለማስመር ሞክሯል። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በትዳርና በቤተሰብ ውስጥ በቁጥጥርና በማስገደድ የሚፈጸም በደል እስከ አምስት ዓመት እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ሆኗል። ሕጉ የሚጠይቀው ድርጊቱ የተደጋገመ ወይም የማያቋርጥ መሆኑን ነው፤ በተጨማሪም ሰውየው ቢያንስ ሁለት ጊዜ ጥቃት ይደርስብኛል ብሎ እንዲፈራ ማድረጉን ወይም የዕለት ኑሮው እስኪናጋ ማስጨነቁን። አንድ መጥፎ ምሽት ለብቻው በዚህ ሕግ አይከሰስም።

የመኝታ ቤቱ ጫና ብቻውን አይቆምም። የዓለም ጤና ድርጅት ጥናት ሴቶችን ስለ ባሎቻቸው የቁጥጥር ባሕርይ ሲጠይቅ ከዘረዘራቸው ነገሮች መካከል ከጓደኞችና ከዘመድ ማራቅ፣ በየሰዓቱ የት እንዳለች ለማወቅ መፈለግ፣ ከሌላ ወንድ ጋር ስታወራ መቆጣት፣ ሁልጊዜ በውስልትና መጠርጠርና ሕክምና ለመሄድ ፈቃድ ማስጠየቅ ይገኙበታል። የመጨረሻው ነጥብ በእኛ አገር ልዩ ትርጉም አለው። በኢትዮጵያ በስፋት ጥቅም ላይ የዋለው ዘመናዊ የወሊድ መቆጣጠሪያ በየሦስት ወሩ የሚወሰደው መርፌ ነው። ሴቶች ከሚመርጡባቸው ምክንያቶች አንዱ ቤት ውስጥ የሚታይ ነገር አለመተዉ ነው፤ እንክብል ግን መሳቢያ ውስጥ ይገኛል። ባል መከላከያውን ሲጥልባት፣ የቀጠሮዋን ቀን ሲያስተጓጉልባት ወይም «ካረገዝሽ የትም አትሄጂም» ሲላት እርግዝና ራሱ ማሰሪያ ይሆናል። የጤና ጣቢያ ነርስ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አንዲት እናት ካርዷን ቤት መውሰድ እንደማትፈልግ ስትነግራት ካርዱን እዚያው ልታስቀምጥላትና ለምን እንደሆነ በጨዋነት ልትጠይቃት ትችላለች። ብዙ ሴቶች ጉዳያቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚናገሩት እንዲህ ባለ አጋጣሚ ነው።

ሴቲቱ የደረሰባትን ማስገደድ ብላ እንዳትጠራው የሚያደርጋት ሌላም ነገር አለ፤ የገዛ ሰውነቷ። በፍርሃት ጊዜ ሰውነት ይደርቃል፣ ድምፅ ይጠፋል፣ መታገል አይቻልም። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ አእምሮ ሳይፈልግ ሰውነት ለንክኪ ምላሽ ይሰጣል። ሴትየዋ በኋላ ይህን ታስታውስና «ታዲያ ፈልጌ ነበር ማለት ነው» ብላ ራሷን ትወቅሳለች። ሐኪሞች ግን ይህን የሰውነት ምላሽ ከፈቃድ ለይተው ያዩታል። ወንዶችም እንዲህ ያለ ነገር ይደርስባቸዋል፤ በሚስታቸው ዛቻ፣ ውርደትና «ወንድ አይደለህም» የሚል ቃል ሳይፈልጉ የሚገደዱ ባሎች አሉ። ሰውነታቸው ምላሽ ስለሰጠ ብቻ ማንም እንደማያምናቸው ስለሚያስቡ ከሴቶቹም ይበልጥ ዝም ይላሉ።

ዝምታው ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ የ2016 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ያሳያል። አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች እርዳታ የጠየቁት 23 በመቶ ብቻ ናቸው፤ ከጠየቁትም አብዛኞቹ የሄዱት ወደ ጎረቤት ወይም ወደ ቤተሰባቸው ነው። ስለዚህ ድጋፍ ሲባል በመጀመሪያ የሚታሰበው ፖሊስ ሳይሆን ቡና ላይ የምትሰማው ጎረቤት፣ እኅት ወይም እናት ናት።

ያች ሰሚ የምትመልሰው ቃል ብዙ ነገር ይወስናል። «ቻይው፣ ባልሽ ነው» የሚል ምክር በፍቅር ቢሰጥም ሴትየዋን ለሌላ አምስት ዓመት አፏን ያዘጋታል። «ዛሬውኑ ጥለሽው ውጪ» ማለትም የሚረዳ መስሎ ሊጎዳ ይችላል፤ በእንዲህ ያለ ትዳር ውስጥ አደጋው ከፍ የሚለው ሴቲቱ ልትለይ ስትነሣና ከተለየች በኋላ ባሉት ወራት ነው። ጠቃሚው «አምንሻለሁ፤ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» ብሎ ከዚያ ምን እንደምትፈልግ መጠየቅ ነው። ሰሚዋ አንድ ትንሽ የሚጨበጥ ነገርም ልታደርግላት ትችላለች፤ የመታወቂያ፣ የጋብቻና የልጆች የልደት የምስክር ወረቀት ቅጂ ቤቷ ውስጥ ብታስቀምጥላት፣ ወይም ሴትየዋ የምትደውልበት ሌላ ስልክ ብትሰጣት ትልቅ እርዳታ ነው። ባልየው ስልኳን የሚፈትሽ ከሆነ መልእክት መላክ አያስፈልግም፤ በአካል መነጋገር ይሻላል።

ሽምግልና በዚህ ጉዳይ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሽማግሌዎቹ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው «ችግሩን አንቺም ተናገሪ» ሲሏት ሴትየዋ የምትናገረው ማታ አብራው በምትተኛው ሰው ፊት ነው። ወይ ትዋሻለች፣ ወይ እውነቱን ተናግራ ማታ ዋጋውን ትከፍላለች። እርቁም ብዙ ጊዜ «አንተም አትቆጣ፣ አንቺም አትከልክይው» በሚል ይቋጫል፤ ያ ደግሞ ማስገደዱን በሽማግሌ ፊት ማጽደቅ ይሆናል። ይህን የሚያውቅ ሽማግሌ ወይም የንስሐ አባት እሷን ለብቻዋ አስቀድሞ ያናግራታል፤ ፍርሃት መኖሩን ከሰማም የማስታረቁን ነገር ያቆየዋል።

የኢትዮጵያ ሕግ የሚሰጠው ጥበቃ ክፍተት አለበት፤ ይህን ሳያውቁ ፖሊስ ጣቢያ መሄድ ተስፋ ያስቆርጣል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ሲተረጉም «ከጋብቻ ውጪ» የሚል ቃል ይጠቀማል። ስለዚህ ሚስት ባሏን በዚህ አንቀጽ ማስከሰስ አትችልም። ሌሎች በሮች ግን አሉ። አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ በሚፈጸም የኃይል ድርጊት በአካል ወይም በጤና ላይ ጉዳት የሚያደርስን ሰው ተጠያቂ ያደርጋል፤ ማስፈራራትም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ስለዚህ አቤቱታ ስታቀርብ የደረሰባትን ጉዳት፣ የተዛተባትን ቃልና ቀኑን በዝርዝር መናገሯ ይጠቅማታል።

በፍትሐ ብሔር በኩል ያለው መንገድ ይሰፋል። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በሚሠራባቸው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ አንደኛው ወገን ብቻውን የፍቺ ጥያቄ ማቅረብ ይችላል፤ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። ፍርድ ቤቱ እስከ ሦስት ወር የሚደርስ የማሰቢያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል፤ እስከዚያው ግን ስለ ልጆች አያያዝ፣ ስለ ቀለብና ስለ ንብረት አስተዳደር ትእዛዝ ይሰጣል። «ቤቱ በእኔ ስም ነው፣ ባዶ እጅሽን ነው የምትወጪው» የሚለው ዛቻም በዚሁ ሕግ ፊት አይጸናም፤ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የአንደኛው የግል ሀብት መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ ሆኖ ይቆጠራል። የኢትዮጵያ ሕግ ባለሙያ ሴቶች ማኅበር ለእንዲህ ያሉ ሴቶች ነፃ የሕግ ምክርና ድጋፍ ይሰጣል። የምታርፍበት ቦታ ያጣች ሴት ደግሞ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ከልጆቿ ጋር የምትቆይባቸው መጠለያዎች አሉት። አዲስ አበባ በሚገኘው ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ውስጥ ያለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሕክምናን፣ የሥነ ልቦና ምክርን፣ ፖሊስንና ዐቃቤ ሕግን በአንድ ግቢ ያገናኛል፤ ተጎጂዋ ታሪኳን በየቢሮው እየዞረች እንዳትደግመው ታስቦ የተቋቋመ ነው።

ሕክምናውን ማዘግየት ጉዳት አለው። ባልየው ውጪ ሌላ ሴት እንዳለው የምትጠረጥር ሚስት ከተገደደች በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት መጀመር ትችላለች፤ በቶሎ በተጀመረ መጠን የተሻለ ይሠራል፤ ለ28 ቀን ይወሰዳል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያም እስከ አምስተኛው ቀን ድረስ ይሰጣል። ሐኪሙ እንዲያውቅ የሚያስፈልገው ሳትፈልግ ግንኙነት መደረጉን ነው፤ ያደረገው ባሏ መሆኑ ሕክምናውን አያስቀረውም።

በውጭ አገር የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ላይ የሚወርደው ዛቻ ብዙ ጊዜ ስለ ወረቀት ነው። በአሜሪካ «እኔ ነኝ ያመጣሁሽ፣ አስመልስሻለሁ» የሚባል ነገር አለ። ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ባል ሚስቱን ቢደበድብ ወይም ከባድ የጭካኔ በደል ቢያደርስባት እሱ ሳያውቅ፣ ፊርማውም ሳያስፈልግ፣ ሚስት I-360 በተባለው ቅጽ ራሷ ማመልከት ትችላለች፤ ሕጉ የወጣው በ1994 ሲሆን ለዚህ ዓይነቱ ማመልከቻ የማስገቢያ ክፍያ የለም። በደሉ የግድ ዱላ መሆን የለበትም፤ ወሲባዊ ማስገደድና የማያቋርጥ ዛቻም ይታያሉ። ባሎችም በዚሁ መንገድ ማመልከት ይችላሉ። በእስራኤል የወሲብ ጥቃት ተጎጂዎች ድጋፍ መስመር ለሴቶች 1202፣ ለወንዶች 1203 ነው።

በሰው አገር የሚኖር ማኅበረሰብ ትንሽ ስለሆነ ብዙዎች አስተርጓሚው የባሌ ዘመድ ቢሆንስ ብለው ይፈራሉ፤ ፍርሃቱም መሠረት አለው። ስለዚህ በክሊኒክም ሆነ በሕግ ቢሮ ልጅን ወይም ጎረቤትን አስተርጓሚ አድርጎ ይዞ ከመሄድ ይልቅ በስልክ የሚያስተረጉም፣ ከሌላ ከተማ የሆነ የአማርኛ ተናጋሪ መጠየቅ ይመረጣል። ጠያቂዋ ስሟን ሳትናገር ጉዳዩን መጀመር ትችላለች፤ የሚመልሱላት ድምፅ የሚያሳስባት ከሆነም ስልኩን ዘግታ ሌላ አስተርጓሚ እንዲቀርብላት እንደገና ብትደውል ማንም አይወቅሳትም።